የቀሩት እንዳሉ ናቸው

ረቡዕ ማታ ነው። ነገ ጠዋት የሚጀመር የሦስት ቀን ጉባኤ ተሳታፊዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ፋይል ይገባል። ስሙ «ፕሮግራም የመጨረሻ 3» ይላል። ከሥሩ አንድ መስመር ተጽፏል፦ «በመርሐ ግብሩ ላይ መጠነኛ ማስተካከያ ስለተደረገ እባክዎ አዲሱን ይመልከቱ»። ፋይሉ ስድስት ገጽ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ጉባኤ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ አሮጌውንና አዲሱን ፋይል በስልኩ ላይ እያፈራረቀ መስመር በመስመር ያነጻጽራል። ሌላዋ የራሷን ስም ፈልጋ ሰዓቷን ታይና ፋይሉን ትዘጋዋለች፤ ልትሰማው የጓጓችለት ንግግር ወደ ሌላ ቀን መዛወሩን የምታውቀው አዳራሹ ከገባች በኋላ ነው። ሦስተኛው «መጠነኛ ነው ብለዋል» ብሎ ያልፈዋል። አራተኛው አዘጋጁ ጋ ይደውላል፦ «የኔ ተቀይሯል እንዴ?» ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ሰው ይደውላል፤ ጥያቄውም ያው ነው።

አዘጋጁ ግን የተቀየሩት ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ብቻ እንደሆኑ ፋይሉን ሲልክ ያውቅ ነበር። የላከው ስድስቱን ገጽ ነው እንጂ ይህን እውቀቱን አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሁለት መቶ ሰው በየቤቱ ሲፈልግ ያመሻል፤ ከፈላጊዎቹም የተወሰኑት ሳያገኙት ይቀራሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ረቡዕ ማታ መልእክት ነው። ብዙ ክፍለ ጊዜ ያለው መርሐ ግብር በከፊል ሲቀየር፣ ለውጡ የነካው ሰው ወዲያው እንዲያውቅ፣ ያልነካውም ሰው ሙሉውን መርሐ ግብር እንደገና ሳይፈትሽ እንዲተኛ ማስታወቂያው እንዴት ይጻፋል?

ብዙው ሰው የሚጠይቀው ስላልተቀየረው ነው

የለውጥ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ትኩረቱ በተፈጥሮው በለውጡ ላይ ነው። ሲያስጨንቀው የዋለው እሱ ነውና። ከሃያ አራት ክፍለ ጊዜዎች ሦስቱ ሲቀየሩ ግን አብዛኛው አንባቢ ለውጡ የማይመለከተው ሰው ነው። የእሱ ጥያቄ «ምን ተቀየረ?» ሳይሆን «የኔ እንዳለ ነው?» የሚል ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካልተሰጠው የመጀመሪያው ቢመለስለትም አያርፍም፤ ሳይነገረው የቀረ ሌላ ለውጥ ይኖር ይሆን እያለ ይጠራጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የሆነውን እንመልከት። የወንዶች ትራያትሎን ማክሰኞ ጁላይ 30 በፓሪስ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡00 ሊጀመር ታቅዶ ነበር። ዋናው የሚካሄድበት የሴን ወንዝ ውሃ በምርመራ ንጹሕ ሆኖ ስላልተገኘ፣ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ወደ ረቡዕ 4፡45 ተዛወረ። ረቡዕ ጠዋት 2፡00 ደግሞ የሴቶቹ ውድድር ነበር። የወንዶቹ ውድድር መዛወሩ ብቻ ተነግሮ ቢታለፍ፣ የሴቶቹ አትሌቶችና ተመልካቾቻቸው «ታዲያ የኛስ? ወደ ከሰዓት ተገፋ ወይስ ወደ ሐሙስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም ነበር፤ ቀኑም ቦታውም አንድ ሆኗልና። የሴቶቹ ውድድር በነበረበት ቀንና ሰዓት መቆየቱ የወንዶቹን መዛወር ያህል መነገር ያለበት ዜና ነበር።

ይህን ነገር በደንብ ያሰበበት ሙያ አቪዬሽን ነው። አገሮች በአየር መንገዶቻቸው፣ በማረፊያ ሜዳዎቻቸውና በመቃረቢያ መሣሪያዎቻቸው ላይ የሚያደርጓቸውን ዋና ዋና ለውጦች በየ28 ቀኑ በሚመጣ ዓለም አቀፍ የጊዜ ዑደት ጠብቀው ያሳትማሉ። ለአንድ ዑደት የሚታተም ለውጥ ከሌለ ዝም አይባልም፤ «ምንም ለውጥ የለም» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። ዝምታ ሁለት ትርጉም ስላለው ነው፤ ለውጥ አለመኖሩን ሊያሳይ ይችላል፣ መልእክቱ ሳይደርስ መቅረቱንም ሊያሳይ ይችላል። አብራሪው የትኛው እንደሆነ እንዲገምት አይተዉለትም። የጉባኤ ተሳታፊም እንዲገምት ሊተውለት አይገባም።

ሃያ አራት ክፍለ ጊዜ፣ ሦስት ለውጥ

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አዲስ አበባ ላይ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የሚካሄድ የአንድ ሙያ ማኅበር ጉባኤ አለ እንበል። ሁለት አዳራሽ፣ ሀ እና ለ፣ አለው። በየቀኑ በእያንዳንዱ አዳራሽ አራት ክፍለ ጊዜ ይካሄዳል፤ ከጠዋቱ 3፡00፣ ከረፋዱ 4፡45፣ ከቀኑ 8፡00 እና ከቀኑ 9፡45። ድምሩ ሃያ አራት ነው፤ ክፍለ ጊዜዎቹም ከ1 እስከ 24 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። መርሐ ግብሩ ሰኞ ለሁሉም ተልኳል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛ፣ ዓርብ ረፋድ በአዳራሽ ሀ የሚካሄደው የክፍለ ጊዜ 11 ዋና ተናጋሪ በረራቸው ስለተቀየረ የሚደርሱት ዓርብ ማታ ነው። ሁለተኛ፣ ሐሙስ 8፡00 በአዳራሽ ለ የተያዘው ክፍለ ጊዜ 6 የተግባር ልምምድ ስላለው የኮምፒዩተር ክፍል ይፈልጋል።

የክፍለ ጊዜ 6 ነገር ቀላል ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ ሳይነካ ቦታው ብቻ ይቀየራል። ክፍለ ጊዜ 11 ግን ሌላ ክፍለ ጊዜ ሳይነካ መነሳት አይችልም። አዘጋጆቹ ቅዳሜ 9፡45 በዚያው አዳራሽ ካለው ክፍለ ጊዜ 23 ጋር ሊያለዋውጡት ይወስናሉ። ክፍለ ጊዜ 23 ዓርብ 4፡45 ላይ ይገባል፣ ክፍለ ጊዜ 11 ወደ ቅዳሜ 9፡45 ይሄዳል።

አንድ ለውጥ ሁለት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛ ደግሞ ሊደበቅ ይችላል። የክፍለ ጊዜ 11 አወያይ ቅዳሜ 9፡45 ላይ በአዳራሽ ለ በክፍለ ጊዜ 24 ጥናት ያቀርባሉ፤ ልውውጡ እንደተወሰነ ቢነገር ኖሮ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ሁለት አዳራሽ ይጠበቅ ነበር። አዘጋጆቹ ይህን ያገኙት ቅዳሜ 9፡45 ላይ ስማቸው የሰፈረውን ሰዎች ሁሉ በጣታቸው እየተከተሉ ስላዩ ነው። መፍትሔውም ቀላል ሆነ፤ ሁለቱ አወያዮች በየሰዓታቸው ይቆዩና ክፍለ ጊዜዎቹ ብቻ ይለዋወጡ። ክፍለ ጊዜ 24 ሳይነካ ቀረ።

ስለዚህ ማስታወቂያው ከመጻፉ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ለተነካው ክፍለ ጊዜ ሁሉ፣ በአዲሱ ሰዓት አቅራቢው፣ አወያዩ፣ አስተርጓሚው፣ አዳራሹና የድምፅ ባለሙያው ነጻ መሆናቸው ይታያል። ይህ ሳይታይ የወጣ ማስታወቂያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሌላ ማስታወቂያ ይጠራል። ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ ተሳታፊው የመጀመሪያውንም ማመን ያቆማል።

ማስታወቂያው ራሱ

ከዚህ በኋላ የሚጻፈው አጭር ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ማስታወቂያ ቁጥር 1፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1፡00። ሰኞ በተላከው መርሐ ግብር ላይ ካሉት 24 ክፍለ ጊዜዎች 3ቱ ተቀይረዋል። የቀሩት 21ዱ በቀን፣ በሰዓት፣ በቦታና በአቅራቢ እንዳሉ ናቸው።

ክፍለ ጊዜ 6፦ ቦታው ብቻ ተቀይሯል። ከአዳራሽ ለ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል። ሐሙስ ከቀኑ 8፡00 መሆኑ እንዳለ ነው።

ክፍለ ጊዜ 11፦ ከዓርብ ከረፋዱ 4፡45 ወደ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡45 ተዛውሯል። አዳራሽ ሀ መሆኑ እንዳለ ነው።

ክፍለ ጊዜ 23፦ ከቅዳሜ ከቀኑ 9፡45 ወደ ዓርብ ከረፋዱ 4፡45 ተዛውሯል። አዳራሽ ሀ መሆኑ እንዳለ ነው።

በ6፣ በ11 ወይም በ23 ላይ የማይሳተፉ ከሆነ ሰኞ የደረስዎ መርሐ ግብር ያገለግልዎታል፤ ሌላ መመልከት አያስፈልግዎትም።»

እያንዳንዱ መስመር የገባበት ምክንያት አለ። መነሻው በስሙ ተጠርቷል፤ ለውጡ የሚቆጠረው «ሰኞ ከተላከው» ነው። ይህ ካልተባለ፣ ባለፈው ሳምንት የወጣውን ረቂቅ የያዘ ሰው ሦስቱን ብቻ አስተካክሎ ሌላው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ይሄዳል።

ቀጥሎ ቁጥሩ ይመጣል። «አንዳንድ» ወይም «መጠነኛ» የሚሉት ቃላት አንባቢውን ወደ ፍለጋ ይመልሱታል። «ከ24ቱ 3ቱ» ሲባል ግን ሦስቱን ካየ በኋላ አራተኛ እንደማይፈልግ ያውቃል። «እንዳሉ ናቸው» የሚለውም ወሰን ተሰጥቶታል፤ በቀን፣ በሰዓት፣ በቦታና በአቅራቢ። አወያዮቹ ስለተለዋወጡ «ምንም ነገር አልተቀየረም» ማለት ትክክል አይሆንም ነበር። ለሁለቱ አወያዮች በየግላቸው ይነገራቸዋል፤ ተሳታፊውን ግን የሚመለከተው አራቱ ነገር ነው።

በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ የነበረውም የሆነውም ተጽፏል። «ክፍለ ጊዜ 11 ቅዳሜ 9፡45 ነው» ብቻ ቢባል፣ መርሐ ግብሩን በቃሉ የማያስታውስ ሰው ለውጡ ምን ላይ እንደሆነ አያውቅም፤ ቀኑ ነው፣ ሰዓቱ ነው ወይስ አዳራሹ? ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወደ ባሕር ዳር የሚበር አውሮፕላን ትኬት የቆረጠች ተሳታፊ ግን «ከዓርብ ወደ ቅዳሜ» የሚለውን እንዳየች ጉዳዩ የእሷ መሆኑን ትረዳለች፤ ትኬቷን ለማስቀየርም ገና ጊዜ አላት።

የመጨረሻው መስመር ደግሞ ለብዙኃኑ ነው። ሰውን ከሥራ ያሰናብታል። ማስታወቂያው ረጅም ከሆነ ይህ መስመር ወደ ላይ፣ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ ቢወጣ ይሻላል።

ቁጥሩ ከክፍለ ጊዜው ጋር ይሄዳል

ብዙ ጊዜ የሚሠራ አንድ ስህተት አለ። ክፍለ ጊዜ 11 ወደ ቅዳሜ ሲሄድ፣ መርሐ ግብሩን የሚያዘጋጀው ሰው ቁጥሩ በተራ እንዲነበብ ብሎ እንደገና ይቆጥራል። ቅዳሜ የሄደው 23 ይሆናል፣ ዓርብ የገባው 11 ይሆናል። ሠንጠረዡ ያምራል፤ ማስታወቂያው ግን ሊነበብ አይችልም። «ክፍለ ጊዜ 11» ሲባል አንዱ የቀድሞውን፣ ሌላው አዲሱን ያስባል። አንድ ክፍለ ጊዜ ተሰርዞ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቢቀነስ ደግሞ የባሰ ነው፤ በአንድ ለውጥ ምክንያት አሥር ያልተቀየሩ ክፍለ ጊዜዎች የተቀየሩ ይመስላሉ።

ስለዚህ ቁጥሩ አንዴ ከተሰጠ በኋላ የክፍለ ጊዜው መታወቂያ ነው። ክፍለ ጊዜው ቀን ቢቀይር ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል፤ ቢሰረዝ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። በዚሁ ምክንያት ቀንና አዳራሽ በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም። «ዓርብ ሀ 2» የተባለ ክፍለ ጊዜ ወደ ቅዳሜ ሲዛወር መታወቂያው ራሱ ሐሰት ይሆናል።

የስልክና የኮምፒዩተር ካላንደሮችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። ክፍለ ጊዜዎቹ በኢሜይል ግብዣ ተልከው ተሳታፊው ካላንደር ላይ ከገቡ፣ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በውስጡ እንዲህ ያሉ መስመሮችን ይይዛል፦

```
UID:kifle-gize-11@example.org
SEQUENCE:1
DTSTART;TZID=Africa/Addis_Ababa:20251025T154500
```

የመጀመሪያው መስመር መታወቂያው ነው፤ መቼም አይቀየርም። ሁለተኛው በመጀመሪያው ግብዣ ላይ 0 ሆኖ ይጀምርና እንደ ሰዓት መዛወር ያለ ዋና ለውጥ በተደረገ ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ሦስተኛው ቀኑና ሰዓቱ ነው፤ እዚህ ላይ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ከቀኑ 9፡45 በውጭ አቆጣጠር ተጽፏል። መታወቂያው ያው ሆኖ ተራ ቁጥሩ ሲጨምር ካላንደሩ ያንን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከዓርብ አንስቶ ቅዳሜ ላይ ያስቀምጠዋል። አዘጋጁ ግን ሙሉውን መርሐ ግብር በአዲስ መታወቂያ እንደገና ቢልክ፣ ካላንደሩ ሃያ አራት አዳዲስ ክፍለ ጊዜዎች መጡ ብሎ ይቀበላል፤ አሮጌዎቹም አይጠፉም። ተሳታፊው ዓርብም ቅዳሜም ክፍለ ጊዜ 11 ይታየዋል። መታወቂያው ትክክል ሆኖ የሃያ አራቱም ተራ ቁጥር ከጨመረ ደግሞ ሃያ አራት «ተሻሽሏል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ከእነሱ ሃያ አንዱ ያለ ምክንያት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ባሉበት ጉባኤ ሰዓቱ በማስታወቂያው ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ መልካም ነው። ባልተቀየረው ክፍለ ጊዜ እንግዳው ሰው አይቶ ሰው ተከትሎ አዳራሹ ይገባል፤ የተቀየረውን ግን የሚያገኘው በጽሑፉ ላይ ብቻ ተመርኩዞ ነው።

«እንዳሉ ናቸው» ከማለት በፊት

«የቀሩት 21ዱ እንዳሉ ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቃል መግባት ነው። ሰው ይህን አምኖ መፈተሹን ያቆማል። ስለዚህ ከሃያ አንዱ አንዱ ሳይታወቅ ተቀይሮ ቢገኝ፣ ዝም ብሎ ፋይል ከመላክ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። እዚህ ላይ የሚያሳስበው አዘጋጁ አስቦ የቀየረው አይደለም፤ ሳያስብ የቀየረው ነው። ሁለት ረድፍ ሲያለዋውጥ አንድ የሠንጠረዥ ረድፍ ወደ ታች ይንሸራተታል። የአቅራቢ ስም ሲያርም የጎረቤቱን ሰዓት ይነካል። ወይም ማክሰኞ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባ አዳራሽ ቀይሮ ሳይናገር ይቀራል።

ማረጋገጫው አንድ ነው። አዲሱ ከሰኞው ጋር ሃያ አራቱም መስመር ይነጻጸራል፤ ሦስቱን ብቻ ማየት አይበቃም። ጥሩው መንገድ ሁለት ሰው ሆኖ መሥራት ነው። አንዱ ሰኞ ከተላከው ቅጂ «ክፍለ ጊዜ 1፣ ሐሙስ፣ 3፡00፣ አዳራሽ ሀ» እያለ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው አዲሱ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። መነበብ ያለበት ለተሳታፊዎች የተላከው ቅጂ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው «አሮጌ» ፋይል ከተላከ በኋላ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

መርሐ ግብሩ በኤክሴል ከተሠራ ማነጻጸሩን ማሽኑ ሊያግዝ ይችላል። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይቀመጡና `=EXACT(B2,F2)` ተብሎ ወደ ታች ይጎተታል፤ አንድ የሆነው `TRUE`፣ የተለየው `FALSE` ይላል። አማርኛ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። በአንዱ ፋይል «ሐሙስ»፣ በሌላው «ሀሙስ» ተብሎ ከተጻፈ ለእኛ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ሁለት ነው። «4፡45» በኢትዮጵያ ነጥብ እና «4:45» በውጭው ነጥብም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ `FALSE` ያለው ሁሉ ለውጥ አይደለም፤ በዓይን እየታየ ይለያል። ከዚህ ማጣራት በኋላ የሚቀሩት ልዩነቶች 6፣ 11 እና 23 ላይ ብቻ ካረፉ ቃሉ ሊሰጥ ይችላል። አራተኛ ከተገኘም መልካም ነው፤ ገና ማስታወቂያው አልወጣም።

ሰባ ሆሄ

ከተሳታፊዎቹ ከፊሉ ዳታ አያበራም፤ ለእነሱ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላካል። እዚህ ላይ የፊደላችን ወጪ ይመጣል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደል አንድ እንኳ ከገባበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ሆሄ ይወርዳል። ከ70 ካለፈ 67 ሆሄ በሚይዙ ክፍሎች ይቆረጣል፣ እያንዳንዱም እንደ አንድ መልእክት ይቆጠራል። ሙሉው ማስታወቂያ በዚህ መንገድ አይሄድም፤ የሚሄደው ሰውን ለሁለት የሚለየው ዓረፍተ ነገር ነው፦

«ክፍለ ጊዜ 6፣11፣23 ተቀይረዋል። የቀሩት 21ዱ እንዳሉ ናቸው። ዝርዝሩ ቴሌግራም ላይ።»

ይህ ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 56 ሆሄ ነው። ለሃያ አንዱ ሰዎች በቂ ነው፤ የሦስቱ ሰዎችም ዝርዝሩን መፈለግ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው «እንዳሉ ናቸው» የሚለው ነው፤ ተራ ነገር ስለሚመስል። እሱ ከተቆረጠ ግን ሁሉም ሰው ዝርዝሩን ሊያይ ይገባል፣ ስልኩም መጮህ ይጀምራል።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰኞ የተላከውን መልእክት ከፍቶ ማረም ይቻላል፤ ሲታረም ግን የማንም ስልክ አይጠራም። ሰኞ አንብቦ የጨረሰ ሰው ተመልሶ ካላየው በቀር ለውጡ አይደርሰውም። ስለዚህ ማስታወቂያው አዲስ መልእክት ሆኖ፣ ለሰኞው መልእክት መልስ ተደርጎ ይላካል፤ ሲነካ ወደ መነሻው ይወስዳል። ከዚያ ከላይ ይሰካል፣ ቀድሞ የተሰካው ይነሳል።

የ6፣ የ11 እና የ23 አቅራቢዎችና አወያዮች ግን በቡድን መልእክት ብቻ አይተዉም። ይደወልላቸዋል፣ አዲሱን ቀንና ሰዓት በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲናገሩ ይደረጋል። አንድ ተሳታፊ ቢቀር አንድ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ አቅራቢው ከቀረ አዳራሹ በሙሉ ይበተናል።

ሁለተኛው ማስታወቂያ

ሐሙስ ማታ አንድ ነገር ይጨመራል እንበል። ቅዳሜ ጠዋት 3፡00 በአዳራሽ ለ የነበረው ክፍለ ጊዜ 18 አቅራቢው ስለታመሙ ተሰርዟል። «ክፍለ ጊዜ 18 ተሰርዟል፣ የቀሩት እንዳሉ ናቸው» ብሎ መጻፍ ይቀላል። ነገር ግን «የቀሩት እንዳሉ» ሲባል እንደ ሰኞው ነው ወይስ እንደ ረቡዕ ማታው? የረቡዑ መልእክት ያመለጠው ሰው ክፍለ ጊዜ 11 ዓርብ ነው ብሎ ይደመድማል፤ የተጻፈለት ዓረፍተ ነገርም ያንን ያረጋግጥለታል።

መውጫው እያንዳንዱ ማስታወቂያ ከመነሻው ጀምሮ የተጠራቀመውን ሁሉ እንዲይዝ ማድረግ ነው። «ማስታወቂያ ቁጥር 2፣ ቁጥር 1ን ይተካል። ሰኞ ከተላከው መርሐ ግብር እስካሁን 4 ክፍለ ጊዜዎች ተቀይረዋል፤ የቀሩት 20ዎቹ እንዳሉ ናቸው። አዲስ ለውጥ፦ ክፍለ ጊዜ 18 ተሰርዟል። ረቡዕ የተነገሩት፦ 6፣ 11 እና 23» ተብሎ ዝርዝሩ ይደገማል። ቁጥር 1ን ያነበበ ሰው አዲስ የተባለውን አንድ መስመር አይቶ ይጨርሳል። ያላነበበ ሰውም ሰኞ የደረሰውን መርሐ ግብርና ይህን አንድ ወረቀት ይዞ ሙሉ ይሆናል። ማንም ሰው ከሁለት ነገር በላይ መያዝ የለበትም።

አንድ ለውጥ ከተነገረ በኋላ ወደ ነበረበት ቢመለስስ? የክፍለ ጊዜ 6 ኮምፒዩተር ክፍል መብራት ጠፍቶበት ወደ አዳራሽ ለ ተመለሰ እንበል። ከሰኞው ጋር ሲነጻጸር ምንም ልዩነት ስለሌለው ከዝርዝሩ መውጣት ያለበት ይመስላል። መውጣት የለበትም። ረቡዕ ያነበቡት ሁሉ ኮምፒዩተር ክፍል በር ላይ ይቆማሉ። «ክፍለ ጊዜ 6፦ ረቡዕ ተቀይሯል ተብሎ ነበር፤ ወደ አዳራሽ ለ ተመልሷል» ተብሎ በግልጽ ይጻፋል፣ እስከ ጉባኤው ፍጻሜም ከዝርዝሩ አይነሳም።

ይህ መንገድ የማይሠራበት

የተቀየሩት ሲበዙ የለውጥ ማስታወቂያ ጥቅሙን ያጣል። ከሃያ አራቱ አሥሩ ከተቀየሩ አንባቢው አሥር «ከ... ወደ...» እያነበበ በራሱ መርሐ ግብር ላይ ሲጽፍ ይሳሳታል። ክፍለ ጊዜዎቹ ሲሦ ያህል ከተነኩ ወይም አንድ ቀን በሙሉ ከተገፋ፣ አዲስ መርሐ ግብር ማውጣት ይሻላል። ያኔም ቢሆን አዲስነቱ በግልጽ ይነገራል፤ «የሰኞውን ይጣሉት፣ ከዚህ በኋላ የሚያገለግለው ይህ ብቻ ነው» ይባላል። የተቀየረው መስመር ሁሉ በኅዳጉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርበታል። የአውሮፕላን መመሪያ መጻሕፍት ሲታደሱ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ባለሙያው ሺህ ገጽ ያለውን መጽሐፍ ሲያገላብጥ ዓይኑ ኅዳጉን ይከተላል።

በአዳራሹ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀትም አይረሳ። ነቅሎ አዲስ መለጠፍ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓርብ ረፋድ ክፍለ ጊዜ 11ን ፈልጎ የመጣ ሰው ስሙን ጭራሽ ስለማያገኘው የተሳሳተ አዳራሽ መጣሁ ብሎ ወደ ሌላው ይሮጣል። አሮጌው በአንድ መስመር ተሰርዞ እንዲነበብ ይተዋል፣ አጠገቡ «ወደ ቅዳሜ 9፡45» ተብሎ ይጻፋል።

ማስታወቂያው መሥራቱን ደግሞ የሚመጡት ጥያቄዎች ይናገራሉ። የክፍለ ጊዜ 11 ሰው ደውሎ «ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ቢል ማስታወቂያው ደርሷል። ዓርብ ረፋድ ስለ 11 የሚጠይቅ ሰው በሩ ላይ ከተገኘ፣ ችግሩ በመላኪያው ላይ ነው፤ በየትኛው መንገድ ሳይደርሰው እንደቀረ እሱኑ መጠየቅ ይገባል። የክፍለ ጊዜ 9 ሰው ደውሎ «የኔስ?» ካለ ግን፣ መልእክቱ ደርሶታል፤ ያልደረሰው «የቀሩት 21ዱ እንዳሉ ናቸው» የሚለው መስመር ነው። ያ መስመር ከታች ተቀብሮ፣ ተድበስብሶ ወይም ጭራሽ ሳይጻፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጥሪ ሁለተኛ ሲደገም፣ ለሦስተኛው ከመመለስ በፊት መስመሩን በጉልህ ጽፎ ለሁሉም መላክ ይገባል።